ውዝፍ ኪራይ የሚጠይቅ አንድ ደብዳቤ እንደገና ሲጻፍ

የሦስት ወር ኪራይ የተጓደለባቸው አንዲት አከራይ መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ ለተከራያቸው ደብዳቤ ጻፉ። በማግስቱ በበር ሥር ሊያስገቡት ነበር። የእህታቸው ልጅ ግን ቀድሞ አነበበውና «አክስቴ፣ ይህ እንዳለ ከሄደ ኪራዩም ይቀራል፣ ጥፋተኛዋም እርስዎ ይሆናሉ» አላቸው። ያ ደብዳቤ ምን ይል እንደነበር፣ ምኑ እንደወጣ፣ በምን እንደተተካና ከተሰጠ በኋላ ነገሩ እንዴት እንደሄደ ከዚህ በታች ቀርቧል። የሰዎቹ ስም ተትቷል፤ ቀኑና ሒሳቡ ግን የጉዳዩ አጥንት ስለሆነ አልተነካም።

ውሉ በጽሑፍ ነው፤ ነሐሴ 28 ቀን 2016 ዓ.ም. ተፈርሟል። ኪራዩ በወር 12,000 ብር ሲሆን በአንቀጽ 4 መሠረት እያንዳንዱ ወር በገባ እስከ 5ኛው ቀን ይከፈላል። አንቀጽ 9 ደግሞ ኪራይ ከ1 ወር በላይ ከተወዘፈ አከራይ የ15 ቀን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ ያም ካልሠራ ውሉን ማቋረጥ እንደሚችል ይላል። ስለ መዘግየት ቅጣት ውሉ አንድ ቃል የለውም። ተከራዩ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ቀን ሳያሳልፉ ከፍለዋል። መጓደል የጀመረው በጥር ነው።

የመጀመሪያው ደብዳቤ እንዲህ ይላል፦

«ስንት ጊዜ ነው የምለምንህ? ሦስት ወር ሙሉ በሰው ቤት በነፃ ተኝተህ አታፍርም? ብር የለኝም እያልክ ማታ ማታ እንግዳ ታስተናግዳለህ። እኔ ሰው መስለኸኝ ነበር ቤቴን የሰጠሁህ። ባስቸኳይ ያለብህን 40,000 ብር ከነቅጣቱ ካልከፈልክ ቁልፉን ቀይሬ ዕቃህን ሜዳ ላይ እጥለዋለሁ። መሥሪያ ቤትህ ድረስ መጥቼም ማንነትህን እናገራለሁ። ይህ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ነው።»

ቀን የለውም፣ ፊርማ የለውም፣ የቤቱ አድራሻ የለውም። ቁጣው ከሜዳ የመጣ አይደለም፤ አከራይዋ ከዚያ በፊት አምስት ጊዜ ያህል በቃልና በስልክ ጠይቀው «በሚቀጥለው ሳምንት» የሚል መልስ ብቻ አግኝተዋል። ችግሩ ከአምስቱ ጥያቄዎች አንዱም በወረቀት አለመኖሩ ነው። ስለዚህ ለሦስተኛ ሰው፣ ለምሳሌ ለዳኛ ወይም ለሽማግሌ፣ ከዚህ ጉዳይ የሚታየው የመጀመሪያው ጽሑፍ ይኸው ስድብ ይሆን ነበር።

መጀመሪያ ሒሳቡ

የእህታቸው ልጅ ቃላቱን ከመንካቱ በፊት አከራይዋን ሦስት ነገር አስመጣቸው፦ ውሉን፣ የባንክ ሒሳባቸውን የአራት ወር እንቅስቃሴና ኪራይ የሚጽፉበትን ደብተር። ጥያቄው አንድ ነው፤ 40,000 ከየት መጣ?

አከራይዋ 12,000 በ3 አባዝተው 36,000 አሉ። ላዩ ላይ «ለቅጣት» ብለው 10 በመቶ ጨመሩ፤ 39,600 ሆነ። እሱን ደግሞ ወደ 40,000 አሞሉት። የባንኩ ወረቀት ሲታይ ግን ጥር 14 ቀን ከተከራዩ 7,000 ብር ገብቷል። አከራይዋ ይህን «የቀረው ሲመጣ አብሬ እጽፈዋለሁ» ብለው ደብተሩ ላይ ሳያሰፍሩት ረስተውታል። ሌላም አለ። ልጃቸው ሲጠየቅ የካቲት 20 ቀን ከተከራዩ እጅ 3,000 ብር ተቀብሎ ለቤት ወጪ ማዋሉን ተናገረ። ደረሰኝ አልሰጠም፤ ተከራዩ ግን በዚያው ቀን «3,000 ለልጅዎ ሰጥቻለሁ» የሚል የስልክ መልእክት ልከዋል። መልእክቱ አከራይዋ ስልክ ላይ ሳይነበብ ተቀምጧል።

ስለዚህ እውነተኛው ውዝፍ ከጥር 5,000፣ ከየካቲት 9,000፣ ከመጋቢት 12,000፣ በድምሩ 26,000 ብር ነው። በደብዳቤው ከተጠየቀው 14,000 ያንሳል።

ይህ ልዩነት ከስድቡ ሁሉ የበለጠ ጉዳት ያደርስ ነበር። 40,000 የሚል ወረቀት የደረሰው ሰው ስለ ዕዳው አይመልስም፤ ስለ ቁጥሩ ይመልሳል። «10,000 ከፍዬ እንዴት አልከፈልክም ይሉኛል» ብሎ የባንክ ደረሰኙን ይዞ ሲመጣ፣ ያልከፈለው 26,000 ከጨዋታ ውጪ ይሆንና ክርክሩ አከራይዋ ዋሽተዋል ወይስ አልዋሹም ወደሚለው ይዞራል። ለዚህ ነው ውዝፍ ሲጠየቅ ድምሩን ብቻ መጻፍ የማይበቃው። የእያንዳንዱ ወር ኪራይ፣ የተከፈለው፣ የተከፈለበት ቀንና ቀሪው ለየብቻ ከተጻፈ ተከራዩ የማይስማማበትን መስመር ለይቶ ማሳየት ይችላል። የማይስማማበት መስመር ከሌለም ዝምታው ራሱ አንድ ነገር ይናገራል።

ቅጣቱ ሙሉ በሙሉ ወጣ። አከራይዋ ይህን አልወደዱትም፤ «ሦስት ወር አንገላቶኝ ምንም ላልጨምር ነው?» አሉ። መልሱ አጭር ነው። ውሉ ላይ የሌለ ክፍያ በማስጠንቀቂያ ላይ ሲጨመር፣ ሕጋዊ የሆነውን ጥያቄ ሕጋዊ ካልሆነው ጋር ያስራል። ተከራዩ ቅጣቱን ለመቃወም ምክንያት ያገኛል፤ በዚያው ምክንያት ዋናውንም ያቆየዋል።

ከቃላቱ ምን ወጣ፣ ለምን

«በነፃ ተኝተህ» የሚለው ስድብ ብቻ ሳይሆን ሐሰትም ነው፤ ሰውዬው ከ36,000 ውስጥ 10,000 ከፍለዋል። «ሰው መስለኸኝ» የሚለው ገንዘብ አያስከፍልም፤ ተቀባዩን ያስቆጣል እንጂ አንድም መረጃ አይሰጥም። የእነዚህ ዓረፍተ ነገሮች መለኪያ ቀላል ነው፦ ሲወጡ ከደብዳቤው የሚጎድል ቀን፣ ቁጥር ወይም እርምጃ አለ? ከሌለ አያስፈልጉም።

የእንግዳው ጉዳይ ግን ለየት ይላል፤ አከራይዋ እዚህ ላይ ብዙ ተከራክረዋል። እውነትም ማታ የሚገባ የሚወጣ ሰው አለ፣ ጎረቤትም አጉረምርሟል። ሆኖም ይህ ሌላ ጥያቄ ነው። ኪራይ በሚጠየቅበት ወረቀት ላይ ሲገባ ሁለት ነገር ያበላሻል። አንደኛ፣ ተከራዩ ቀላሉን መርጦ ስለ እንግዳው ብቻ ይመልሳል። ሁለተኛ፣ አከራይዋ ቤቱን የፈለጉት በኪራዩ ምክንያት ሳይሆን በሌላ ቂም ነው የሚል ጥርጣሬ ያስነሣል። አንድ ማስጠንቀቂያ አንድ ጉዳይ ይያዝ። የጩኸቱ ነገር በውሉ ውስጥ አንቀጽ ካለው በሌላ ቀን በሌላ ወረቀት ይጻፋል።

«ቁልፉን ቀይሬ ዕቃህን ሜዳ ላይ እጥለዋለሁ» የሚለው ከሁሉም አደገኛው ነው። አከራይ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ በገዛ እጁ ተከራይን ማስወጣት፣ በር መቆለፍ ወይም ውኃና መብራት መቁረጥ በብዙ አገሮች ሕግ የተከለከለ ነው። እንዲህ ያለ ዛቻ በጽሑፍ ሲሰፍር ገንዘብ የሚጠየቅበት ሰው ከሳሽ ሊሆን ይችላል፤ ማስረጃውም የአከራዩ የእጅ ጽሑፍ ነው። ከዚያም በኋላ ከቤቱ አንድ ዕቃ ቢጠፋ ወይም አንድ ቀን ውኃ ቢቋረጥ፣ በአጋጣሚ ቢሆን እንኳ፣ ጣት የሚቀሰረው ወደ ደብዳቤው ጸሐፊ ነው።

«መሥሪያ ቤትህ ድረስ መጥቼ» የሚለውም ከዚህ አይርቅም። ዕዳው በሁለት ሰዎች መካከል ነው፤ አሠሪ፣ ዘመድ ወይም ጎረቤት ውሉ ላይ ካልፈረመ አይመለከተውም። በማዋረድ ማስፈራራት በራሱ ሊያስጠይቅ ይችላል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሰውዬው ሥራቸውን ቢያጡ 26,000ው ከምን ይከፈላል?

«ባስቸኳይ» የሚለው ቃል ጠንካራ ይመስላል፤ ሲመረመር ግን ባዶ ነው። ለአከራይዋ ነገ ማለት ነው፣ ለተከራዩ ደመወዝ ሲወጣ ማለት ነው። «በ15 ቀን ውስጥ» የሚለውም ቢሆን ከየትኛው ቀን እንደሚቆጠር ካልተነገረ ያው ነው። ደብዳቤው ከተጻፈበት? ከደረሰበት? የደረሰበት ቀን ይቆጠራል ወይስ ማግስቱ? መፍትሔው ቀኑን ራስ ቆጥሮ መጻፍ ነው። እዚህ ጉዳይ ላይ ደብዳቤው መጋቢት 10 ተጽፎ መጋቢት 11 እንዲሰጥ ታሰበ። ከማግስቱ ከመጋቢት 12 አንድ ተብሎ ሲቆጠር 15ኛው ቀን መጋቢት 26 ነው። ቀኑ ዓርብ ስለሚውል ባንክ ክፍት ነው። እሑድ ላይ ቢወድቅ ኖሮ ወደ ሰኞ ማሻገር ነበረባቸው፤ ባንክ የተዘጋበት ቀን ላይ የሚያልቅ ቀጠሮ ለተከራዩ ተገቢ ሰበብ ይሰጣል። ተከራዩ መጋቢት 11 ቀን ባይገኙና ደብዳቤው በ13 ቢደርሳቸው ደግሞ 15ኛው ቀን እሑድ መጋቢት 28 ላይ ስለሚወድቅ፣ ወረቀቱ እንደገና ታትሞ መጨረሻው ወደ ሰኞ መጋቢት 29 መገፋት ነበረበት። አሮጌውን ቀን እንደያዘ መስጠት በውሉ ከተፈቀደው ሁለት ቀን መስረቅ ነው፤ በዚህም ምክንያት ብቻ ማስጠንቀቂያው ዋጋ ሊያጣ ይችላል። የማስጠንቀቂያው ጊዜ ርዝመት ከአገር አገር፣ ከውል ውል ይለያያል፤ ሕጉ ከውሉ የሚረዝም ጊዜ ከሰጠ ረጅሙን መውሰድ ነው።

«የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ» የተባለው በጽሑፍ የመጀመሪያው ነው። በተጨማሪም አከራይዋ ከዚያ በፊት በቃል ሦስት ጊዜ «የመጨረሻዬ ነው» ብለዋል፤ አራተኛውን ተከራዩ እንደማያምኑት ግልጽ ነው።

«አንተ» እና «እርስዎ»

አከራይዋ ተከራዩን በዕድሜ ይበልጧቸዋል፤ ፊት ለፊት ሲነጋገሩም «አንተ» ይሏቸዋል፣ አንዳንዴም «ልጄ»። ስለዚህ ደብዳቤውን በ«እርስዎ» እንዲጽፉ ሲጠየቁ «ለዕዳ ያበቃኝን ሰው ላከብረው ነው እንዴ?» አሉ። የእህታቸው ልጅ «አክስቴ፣ ክብሩ ለእሱ ሳይሆን ለወረቀቱ ነው» አላቸው። አባባሉ ትክክል ነው። «አንተ» በቃል ሲባል ድምፅና ፊት አብረውት ስለሚመጡ ፍቅርም ሊሆን ይችላል። በወረቀት ላይ፣ ያውም ከገንዘብ ጥያቄ ጋር፣ ንቀት ሆኖ ይነበባል። «እርስዎ» ደግሞ ጸሐፊውን ራሱን ይገድባል፤ «እርስዎ አያፍሩም?» ብሎ መሳደብ ያስቸግራል።

ከ«እርስዎ» ጋር አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። መደበኛ ለመምሰል ሲባል ዓረፍተ ነገሩ ባለቤት እንዳያጣ። «ክፍያው እንዲፈጸም ይሁን» ሲባል ማን ይከፍላል? ለማን? «እስከ መጋቢት 26 ቀን 26,000 ብር ወደሚከተለው ሒሳብ እንዲያስገቡ እጠይቃለሁ» ሲባል ግን ጠያቂውም ከፋዩም ይታወቃል። ጽናት ያለው እዚያ ላይ ነው።

የተሰጠው ደብዳቤ

መጋቢት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለ፦ አቶ ____________
አድራሻ፦ ____________ (የተከራዩት ቤት)

ጉዳዩ፦ የተወዘፈ የቤት ኪራይ እንዲከፈል የተሰጠ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ

ነሐሴ 28 ቀን 2016 ዓ.ም. በተፈራረምነው የኪራይ ውል አንቀጽ 4 መሠረት፣ በወር 12,000 ብር ኪራይ በየወሩ እስከ 5ኛው ቀን እንዲከፍሉ ተስማምተናል። ይህ ደብዳቤ እስከተጻፈበት ቀን ድረስ ያልተከፈለው እንደሚከተለው ነው፦

ጥር 2017፦ ኪራይ 12,000፤ ጥር 14 ቀን በባንክ የተከፈለ 7,000፤ ቀሪ 5,000 ብር
የካቲት 2017፦ ኪራይ 12,000፤ የካቲት 20 ቀን በልጄ በኩል በእጅ የተከፈለ 3,000፤ ቀሪ 9,000 ብር
መጋቢት 2017፦ ኪራይ 12,000፤ የተከፈለ የለም፤ ቀሪ 12,000 ብር
ጠቅላላ ውዝፍ፦ 26,000 (ሃያ ስድስት ሺህ) ብር

ይህን ገንዘብ እስከ ዓርብ መጋቢት 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ከቀኑ 10 ሰዓት ድረስ ከዚህ በፊት ኪራይ ሲያስገቡበት በነበረው የባንክ ሒሳቤ (ቁጥር ____________) እንዲያስገቡ እጠይቃለሁ። በምክንያቱ ላይ «ውዝፍ ኪራይ» ብለው ይጻፉ። የሚገባው ክፍያ መጀመሪያ ለቆየው ወር ይታሰባል። የሚያዝያ ወር ኪራይ በዚህ ሒሳብ ውስጥ የለም፤ በውሉ መሠረት በጊዜው ይከፈላል።

ከላይ ባለው ሒሳብ የማይስማሙበት ካለ፣ ወሩን ጠቅሰው ደረሰኝ ወይም ሌላ ማስረጃ በማያያዝ እስከ ሐሙስ መጋቢት 18 ቀን በጽሑፍ ያሳውቁኝ። ሙሉውን በአንድ ጊዜ መክፈል የማይችሉ ከሆነም በዚያው ቀን መጠንና ቀን የያዘ የአከፋፈል ሐሳብ በጽሑፍ ያቅርቡ፤ ተመልክቼ እስከ መጋቢት 20 ቀን መልስ እሰጥዎታለሁ።

እስከ መጋቢት 26 ቀን ገንዘቡ ካልተከፈለ ወይም በጽሑፍ ካልተስማማን፣ በውሉ አንቀጽ 9 መሠረት ውሉን አቋርጬ ውዝፉ እንዲከፈለኝና ቤቱን እንድረከብ ለፍርድ ቤት አመለክታለሁ። ከጠቅላላው ከፊሉን መቀበሌ ይህን ማስጠንቀቂያ እንደተውኩት አያስቆጥርም።

የአከራይ ስምና ፊርማ ____________
ስልክ ____________

ተቀባይ፦ ይህን ደብዳቤ መቀበሌን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ። ፊርማው በሒሳቡ መስማማቴን አያመለክትም።
ስም፣ ፊርማ፣ ቀንና ሰዓት ____________

ክርክር ያስነሡት ሁለት ዓረፍተ ነገሮች

አንዱ የፍርድ ቤቱ ነው። አከራይዋ ይህም ዛቻ አይደለም ወይ ብለው ጠይቀዋል፤ ጥሩ ጥያቄ ነው። ልዩነቱ ሦስት ቦታ ላይ ነው። እርምጃው በውሉና በሕጉ የተፈቀደ ነው፤ የሚፈጸመው በሦስተኛ አካል ውሳኔ እንጂ በአከራይዋ እጅ አይደለም፤ ተከራዩም ከመፈጸሙ በፊት ምን ቢያደርጉ እንደሚቀር ተነግሯቸዋል። የቀረው አራተኛ ነገር እውነትነቱ ነው። የእህታቸው ልጅ «መጋቢት 29 ቀን ሰኞ ጠዋት በእውነት ይሄዳሉ?» ብሎ ሲጠይቃቸው አከራይዋ ዝም አሉ። ካልሄዱ ዓረፍተ ነገሩ መውጣት ነበረበት፤ የማይፈጸም ማስጠንቀቂያ የሚቀጥለውን ማስጠንቀቂያ ዋጋ ያሳጣል። በመጨረሻ እሄዳለሁ ብለው ወሰኑ፤ የውሉን ቅጂ፣ የባንኩን ወረቀትና የደብዳቤውን ግልባጭ በአንድ ማኅደር አስቀመጡ። ከዚያ በኋላ ነው ዓረፍተ ነገሩ የተጻፈው።

ሁለተኛው የልጃቸው ነገር ነው። አከራይዋ 3,000ውን ለመጥቀስ አፈሩ፤ «ደረሰኝ ስለሌለው ዝም ብንለውስ?» የሚል ሐሳብም ቀርቦ ነበር። ተከራዩ ግን መልእክቱን ልከዋል፤ ስለዚህ መካድ ውሸት ከመሆኑም በላይ በአንድ ደቂቃ የሚጋለጥ ውሸት ነው። በተቃራኒው ተከራዩ በደረሰኝ ማስረዳት የማይችሉትን ክፍያ አከራይዋ ራሳቸው ሲጽፉት፣ የቀሩት ቁጥሮች ይታመናሉ። ቀናነቱ ለጽናቱ ጉልበት ሰጥቶታል።

አሰጣጡ

ደብዳቤው በበር ሥር አልገባም፣ በር ላይም አልተለጠፈም። በር ላይ የሚለጠፍ ማስጠንቀቂያ የሚያነበው ጎረቤት ነው፤ ስድቡ ከወረቀቱ ቢወጣም ውርደቱ ይቀራል። በሁለት ቅጂ ታትሞ ሁለቱም ላይ አከራይዋ ፈረሙ። መጋቢት 11 ቀን ከምሽቱ 1 ሰዓት የእህታቸው ልጅና ሁለቱንም ወገን የሚያውቁ አንድ ጎረቤት ሆነው ሰጡ። ጎረቤቱ ደብዳቤ መሰጠቱን እንጂ ይዘቱን እንዲያውቁ አልተደረገም፤ ፖስታው የታሸገ ነበር። ተከራዩ መጀመሪያ ለመፈረም አመነቱ። ያረጋጋቸው «ፊርማው በሒሳቡ መስማማቴን አያመለክትም» የሚለው መስመር ነው። ብዙ ሰው ለመቀበል የማይፈርመው ዕዳውን ያመነ ስለሚመስለው ነው፤ ያን ፍርሃት ወረቀቱ ራሱ ቢያነሣው ይሻላል። እምቢ ቢሉ ኖሮ የሰጠው ሰውና ምስክሩ ግልባጩ ላይ «ለመፈረም አልፈለጉም» ብለው ቀንና ሰዓት ጽፈው ይፈርሙ ነበር፤ የደብዳቤው ፎቶም በስልክ መልእክት ይላክ ነበር።

ከዚያ በኋላ

መልሱ መጋቢት 17 ቀን በጽሑፍ መጣ። ተከራዩ በሦስቱም ወር ቁጥሮች ተስማሙ፤ ነገር ግን በታኅሣሥ የተሰበረውን የውኃ ቧንቧ በአከራይዋ ፈቃድ በ1,500 ብር አሠርተው እንዳልታሰበላቸው ጠቀሱ። ደረሰኙና አከራይዋ «አሠራው፣ ከኪራይ እናስበዋለን» ያሉበት የስልክ መልእክት ተያይዟል። አከራይዋ ጨርሶ ረስተውት ነበር። በመጀመሪያው ደብዳቤ ቢሆን ይህ 1,500 የጭቅጭቁ መነሻ ይሆን ነበር። እዚህ ግን የሚገባበት ቦታ ተዘጋጅቶለት ስለነበር ከ26,000 ተቀንሶ 24,500 ሆነና ተዘጋ።

የአከፋፈሉ ሐሳብም ከመልሱ ጋር መጣ፦ እስከ መጋቢት 26 ቀን 12,500፣ ቀሪው 12,000 ደግሞ በሁለት እኩል ክፍያ ሚያዝያ 15 እና ግንቦት 15። አከራይዋ የመጀመሪያው ክፍያ አነሰኝ ሊሉ ነበር። ሒሳቡ በየወሩ ሲታይ ግን የጥርን 5,000 እና ከቧንቧው ወጪ በኋላ የቀረውን የየካቲት 7,500 ልክ ይዘጋል፤ ተከፋፍሎ የሚከፈለው የመጋቢት ኪራይ ብቻ ነው። ስለዚህ መጋቢት 20 ቀን በገቡት ቃል መሠረት መልስ ሰጡ። አንድ ገጽ ስምምነት ተጻፈ። ውስጡ ሦስት ነገር ብቻ አለ፤ ቀኖቹና መጠኑ፣ የየወሩ መደበኛ ኪራይ ሳይቋረጥ እንደሚከፈል፣ ከሁለቱ ክፍያዎች አንዱ ከ5 ቀን በላይ ከዘገየ ስምምነቱ ቀርቶ አንቀጽ 9 እንደሚሠራ። አምስት ቀኗ ሆን ተብላ ነው የገባችው፤ በአንድ ቀን መዘግየት የሚፈርስ ስምምነት ሁለቱንም ወገን ወደ ጭቅጭቅ ይመልሳል።

የመጋቢቱና የሚያዝያው ክፍያ በቀናቸው ገቡ። የግንቦቱ ዘገየ። ግንቦት 16 ቀን ጠዋት አከራይዋ ስልካቸውን አንሥተው ያሰቡትን ሊጽፉ ነበር፤ ያሰቡትም የመጀመሪያውን ደብዳቤ ይመስል ነበር። የላኩት ግን ይህን ነው፦ «ጤና ይስጥልኝ። ትናንት ግንቦት 15 መግባት የነበረበት 6,000 ብር አልገባም። በስምምነታችን መሠረት እስከ ግንቦት 20 እጠብቃለሁ።» ግንቦት 18 ቀን ገባ።

በዚያው ቀን ለተከራዩ ደረሰኝ ተሰጣቸው። ደረሰኙ ላይ የ6,000ው ቁጥር ብቻ አልተጻፈም፤ «ከጥር እስከ መጋቢት 2017 ዓ.ም. ያለው ውዝፍ ኪራይ ሙሉ በሙሉ ተከፍሎ አልቋል፤ መጋቢት 10 ቀን የተጻፈው ማስጠንቀቂያም ከዛሬ ጀምሮ አይሠራም» የሚል መስመር ተጨምሮበት አከራይዋ ፈርመውበታል። ይህ መስመር ባይጻፍ ኖሮ ማስጠንቀቂያው ግልባጩ ማኅደር ውስጥ እንደተቀመጠ ይቀርና ነገ በሌላ ነገር ሲጣሉ ተመልሶ ሊመዘዝ ይችል ነበር።